እርምጃው ሲያጥር 2 ወደ e ይሄዳል

1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32። ይህን ድርድር ማንም ያውቀዋል። አሁን ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ከፊቱ ያለውን እንቀንስ። ከ2 ላይ 1 ሲነሳ 1 ይቀራል፤ ከ4 ላይ 2 ሲነሳ 2፤ ከ8 ላይ 4 ሲነሳ 4፤ ከ16 ላይ 8 ሲነሳ 8። ልዩነቶቹ ራሳቸው 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ ያንኑ ድርድር መልሰው ሠሩት። በእጥፍ የሚያድግ ነገር በአንድ እርምጃ የሚጨምረው አስቀድሞ የነበረውን ያህል ነው ማለት ነው።

ካልኩለስ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ግንባሩን ይቋጥር ይሆናል። እሱ የተማረው፣ የለውጥ ፍጥነቱ ማለትም ዲሪቬቲቩ ከራሱ ጋር እኩል የሆነው ፈንክሽን eˣ ነው ተብሎ ነው። e ደግሞ 2.71828… እያለ የሚቀጥል፣ መጨረሻ የሌለው ቁጥር ነው። ታዲያ 2 የሚባል ንጹሕ ቁጥር ያንኑ ሥራ የሚሠራ ከመሰለ፣ ይህ ዝብርቅርቅ ቁጥር ከየት መጣ? ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ቀመሩን ሰጥተው ወደ መልመጃ ያልፋሉ። ተማሪውም ሸምድዶ ይፈተናል። ነገሩ ግን በተራ ቁጥሮች እስከ መጨረሻው ሊታይ የሚችል ነው።

በየሰዓቱ እጥፍ የሚሆኑ 1000 ባክቴሪያዎችን እንውሰድ። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ 1000 ተጨምረው 2000 ይሆናሉ። ስለዚህ ፍጥነታቸው «በሰዓት 1000» ነው ማለት ይቃጣናል። ይህ ግን የሰዓቱ አማካይ ነው። ሰዓቱ ሲጀመር የሚራቡት 1000 ብቻ ነበሩ፤ ሊያልቅ ሲል ግን ወደ 2000 የሚጠጉ እየተራቡ ነው። እንግዲህ መነሻው ላይ ከአማካዩ ቀስ ያሉ፣ መድረሻው ላይ ከአማካዩ የፈጠኑ መሆን አለባቸው።

የመነሻውን ፍጥነት ለማግኘት አጭር ጊዜ እንይ። በመጀመሪያዎቹ 6 ደቂቃዎች፣ ማለትም በሰዓቱ አንድ አሥረኛ፣ ባክቴሪያዎቹ ወደ 1072 ገደማ ይደርሳሉ። የጨመሩት 72 ነው፤ በዚያ አካሄድ አንድ ሙሉ ሰዓት ቢቀጥሉ 718 ያህል ይጨምሩ ነበር። ጊዜውን ወደ 36 ሴኮንድ ብናሳጥረው አካሄዱ በሰዓት 696 ይሆናል። ወደ 3.6 ሴኮንድ ብናወርደው 693 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ብናሳጥር 693 ላይ ይረጋል። ይህ ነው በመነሻዋ ቅጽበት ያለው ፍጥነት። 1000 ባክቴሪያዎች የሚያድጉት በሰዓት በ693 ፍጥነት ነው፤ ከራሳቸው ብዛት 0.693 እጥፍ መሆኑ ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላስ? 2000 ሲሆኑ ፍጥነታቸው 1386 ይሆናል፤ ይህም የ2000 0.693 እጥፍ ነው። 4000 ሲሆኑም እንዲሁ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የዚህ ቤተሰብ ፈንክሽኖች ምስጢር ያለው እዚህ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። ከ x ሰዓት በኋላ ጥቂት ጊዜ h ቢጨመር፣ አዲሱ ብዛት 2ˣ⁺ʰ ነው፤ ይህም 2ˣ በ2ʰ ተባዝቶ ማለት ነው። ስለዚህ ጭማሪው በጊዜው ሲካፈል እንዲህ ይሆናል፦

(2ˣ⁺ʰ − 2ˣ) / h = 2ˣ · (2ʰ − 1) / h

በቀኝ በኩል x ያለው 2ˣ ላይ ብቻ ነው። በቅንፉ ያለው (2ʰ − 1) / h ስለ x የሚያውቀው ነገር የለም፤ ጠዋት ቢሰላም ማታ ቢሰላም አንድ ነው። h እያነሰ ሲሄድ የሚያርፍበት ቁጥር 0.693147… ነው። ስለዚህ የ2ˣ ዲሪቬቲቭ 2ˣ ራሱ በ0.693 ተባዝቶ ነው። በ2 ፋንታ 3 ብናስገባ መንገዱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ማረፊያው ነው፤ 1.0986… ይሆናል። በ10 ደግሞ 2.3026…።

እንግዲህ ማንኛውም እንዲህ ያለ ፈንክሽን ዲሪቬቲቩ ራሱ ነው፤ ከፊቱ አንድ ቋሚ ብዜት አለበት እንጂ። በ2 ብዜቱ ከ1 ያንሳል፣ በ3 ከ1 ይበልጣል። በመካከል ብዜቱ ልክ 1 የሚሆንበት፣ ማለትም ብዜቱ የሚጠፋበት ቁጥር መኖር አለበት። 2.5 ብንሞክር 0.916 ይመጣል፤ ገና ነው። 2.71 ላይ 0.997፣ 2.72 ላይ 1.0006። ስለዚህ የምንፈልገው በ2.71 እና በ2.72 መካከል ተደብቋል። ሁለተኛው ይበልጥ ለ1 ስለሚቀርብ፣ ቁጥሩም ወደ 2.72 የተጠጋ መሆኑ ይታያል።

በመሞከር ብቻ ግን መቅረት የለብንም፤ ቁጥሩን በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል። የመጀመሪያውን ድርድር እናስታውስና ጥያቄውን እንዲህ እናንሳ፦ እርምጃዬ h ቢሆን፣ በየእርምጃው ያለኝ ፍጥነት ካለኝ ብዛት ጋር እኩል እንዲሆን መሠረቱ b ስንት መሆን አለበት? ከላይ ባለው ስሌት (bʰ − 1) / h ከ1 ጋር እኩል ይሁን ማለት ነው። ያ ደግሞ bʰ = 1 + h ነው። ስለዚህ፦

b = (1 + h)^(1/h)

አሁን እርምጃውን እናስገባ። h = 1 ሲሆን b = 2 ነው። ያ ነው የድርድሩ ጉዳይ! 2 አላታለለንም፤ በሙሉ እርምጃ ለሚሄድ ሰው ትክክለኛው መልስ እሱ ነው። በግማሽ እርምጃ ለሚሄድ ግን መልሱ 1.5 በራሱ ተባዝቶ 2.25 ነው። በሩብ እርምጃ 2.4414፣ በአንድ አሥረኛ 2.5937፣ በአንድ መቶኛ 2.7048፣ በአንድ ሺህኛ 2.7169። እርምጃው እየጠበበ በሄደ ቁጥር መልሱ 2.71828… ላይ ያርፋል። ዲሪቬቲቭ ማለት እርምጃው እስከሚጠፋ ድረስ ማሳነስ ስለሆነ፣ ካልኩለስ የሚፈልገው ይህን የመጨረሻውን ነው። ለእኔ e ማለት ይህ ነው፤ እርምጃ እያጠረበት የሄደ 2።

ይህንኑ ስሌት ከዲሪቬቲቭ ጋር ምንም ሳያገናኝ የሠራው ሰው የስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ሊቅ ያዕቆብ በርኑሊ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ ስለ ወለድ ይጠይቅ ነበር። አንድ አበዳሪ በዓመት 100 ከመቶ ወለድ ቢያገኝ 1 ብር በዓመቱ 2 ብር ይሆንለታል። ወለዱ ግን በስድስት ወሩ ታስቦ ከዋናው ጋር ቢቀላቀል፣ 1 ብር መጀመሪያ 1.50 ሆኖ ከዚያ የዚያን ግማሽ ጨምሮ 2.25 ይሆናል። በየሦስት ወሩ ቢታሰብ 2.44፤ በየወሩ 2.613፤ በየቀኑ 2.7146። ቁጥሮቹን ከላይ ካሉት ጋር ስናስተያይ ያው ቀመር መሆኑ ይታያል፤ ዓመቱን ለ n ቦታ ከፍሎ (1 + 1/n)ⁿ ማስላት፣ እርምጃውን 1/n ማድረግ ነውና።

የበርኑሊ ጥያቄ ወለዱ በየቅጽበቱ ቢደመር ገንዘቡ የት ይደርሳል የሚል ነበር። ሰው ሲሰማው ያለ ልክ የሚበለጽግ ይመስለዋል፤ የወለድ ወለድ ወለድ ማለቂያ የለውምና። በርኑሊ ያገኘው ግን ከሁለት ብር ተኩል የሚበልጥ፣ ከ3 ብር የሚያንስ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚቆም ማየት ደግሞ eˣ ለምን የራሱ ዲሪቬቲቭ እንደሆነ ከሁሉ በተሻለ ግልጽ ያደርገዋል።

ያንን 1 ብር በአንድ ሂሳብ ሳይሆን በብዙ ሂሳቦች ደርድረን እንያዘው። በመጀመሪያው ሂሳብ ዋናው 1 ብር ተቀምጧል፤ እሱ አይነካም፣ አይለወጥም። ወለዱ በየቅጽበቱ ወደ ሁለተኛው ሂሳብ ይፈስሳል። 1 ብር በዓመት 1 ብር ስለሚወልድ፣ ሁለተኛው ሂሳብ በቀጥታ እያደገ በስድስት ወር 50 ሳንቲም፣ በዓመት 1 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ሂሳብ ውስጥ ያለው ገንዘብም ይወልዳል፤ የእሱን ወለድ በሦስተኛው ሂሳብ እናስቀምጠው። ሁለተኛው ሂሳብ ዓመቱን የጀመረው በባዶ፣ የጨረሰው በ1 ብር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በአማካይ የነበረው 50 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ለሦስተኛው የሚያወርደው በዓመት 50 ሳንቲም ብቻ ነው። ሦስተኛው በዘገየ ጅምር ስለሚያድግ ዓመቱን ሙሉ በአማካይ የያዘው ከዚያም ያነሰ ነው፤ አራተኛው ሂሳብ የሚያገኘው አንድ ስድስተኛ ብር፣ ወደ 17 ሳንቲም ገደማ፣ ብቻ ነው። አምስተኛው አንድ ሃያ አራተኛ፣ ስድስተኛው አንድ መቶ ሃያኛ።

እነዚህን ስንደምር 1 + 1 + 1/2 + 1/6 + 1/24 + 1/120 + … ይሆናል። አካፋዮቹ 2፣ ከዚያ 2 በ3፣ ከዚያ 2 በ3 በ4 እያሉ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ዘግይቶ የመጣ ሂሳብ ለመውለድ የቀረው ጊዜ አነስተኛ ስለሆነ ድርሻው በፍጥነት ይሟሟል። ከሁለቱ 1ዶች በኋላ ያሉትን ከ1/2፣ 1/4፣ 1/8፣ 1/16 ጋር ብናወዳድራቸው፣ የመጀመሪያው እኩል ነው፤ የተቀሩት ሁሉ ያንሳሉ። 1/2 + 1/4 + 1/8 + … ደግሞ ከ1 አያልፍም። ስለዚህ ጠቅላላው 3 ብር አይደርስም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሂሳቦች ብቻቸውን 2.50 ስለሆኑ ከዚያ ይበልጣል። በርኑሊ ያስቀመጣቸው ሁለቱ ድንበሮች እነዚሁ ናቸው።

ዓመቱ ሳያልቅ በማንኛውም ጊዜ t ሂሳቦቹን ብንከፍታቸው የምናገኘው 1፣ t፣ t²/2፣ t³/6፣ t⁴/24 እያለ ይቀጥላል። በስድስት ወሩ ለምሳሌ 1፣ 0.50፣ 0.125፣ 0.0208፣ 0.0026 እና የመሳሰሉት ናቸው፤ ድምራቸው 1.6487 ነው። አሁን እያንዳንዱ ሂሳብ በዚያች ቅጽበት በምን ፍጥነት እያደገ ነው? ሁለተኛው የሚያድገው በመጀመሪያው ውስጥ ባለው ገንዘብ ልክ ነው፣ በዓመት 1 ብር። ሦስተኛው በሁለተኛው ልክ፣ 0.50። አራተኛው በሦስተኛው ልክ፣ 0.125። የመጀመሪያው አያድግም፣ 0። ፍጥነቶቹን ሁሉ ስንደምር 0 + 1 + 0.50 + 0.125 + 0.0208 + … = 1.6487። የፍጥነቶቹ ዝርዝር የገንዘቦቹ ዝርዝር ራሱ ነው፤ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ እንጂ። ፊት ላይ የገባው 0 ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሚወድቅ የለም፤ ዝርዝሩ መጨረሻ የለውምና። ስለዚህ ጠቅላላው ገንዘብ በየትኛውም ቅጽበት በራሱ መጠን ፍጥነት ያድጋል።

መጨረሻ አለመኖሩ ዝርዝር ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉም የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። በስድስት ሂሳቦች ብቻ ብናቆም፣ የመጨረሻው ሂሳብ ወለዱን የሚያወርድበት ሌላ ሂሳብ ስለሌለ፣ ፍጥነቱ ከገንዘቡ በዚያች በመጨረሻዋ ሂሳብ መጠን ያንሳል። x²ን ወይም x⁵ን የመሳሰሉ ኃይሎች ተደምረው የሚሠሩት ፖሊኖሚያል ሁሉ ይህ ዕጣ ይደርስባቸዋል፤ አንድ ጊዜ ዲሪቬቲቭ ሲወሰድ አንድ ደረጃ ይወርዳሉ፣ ስለዚህ ራሳቸውን ሊሆኑ አይችሉም።

እዚህ ላይ በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ። xⁿ ዲሪቬቲቩ n·xⁿ⁻¹ መሆኑን የሸመደደ ተማሪ eˣን ሲያይ ያንኑ ሕግ ይጭንበትና x·eˣ⁻¹ ብሎ ይጽፋል። ሕጉ የሚሠራው የሚለዋወጠው መሠረቱ ሲሆን ነው፤ እዚህ ግን መሠረቱ ቆሞ የሚንቀሳቀሰው ላይኛው ነው። መልሱን ለመመርመር ረጅም ማረጋገጫ አያስፈልግም፤ x = 0 ማስገባት ይበቃል። የተማሪው መልስ 0 ይሰጣል፣ ማለትም ገንዘቡ በመነሻዋ ቅጽበት አያድግም ይላል። 1 ብር ተቀምጦ ወለድ መፍሰስ የጀመረው ግን ያን ጊዜ ነው፤ ፍጥነቱ 1 መሆን አለበት።

መነሻው 1 ብር ባይሆንም ነገሩ ያው ነው። 5 ብር ካስቀመጥን ሂሳቦቹ ሁሉ በአምስት ይባዛሉ፣ ፍጥነታቸውም አብሮ፤ 5eˣም የራሱ ዲሪቬቲቭ ነው። ከእነዚህ ውጭ ሌላ የለም። የሚለዋወጠው የወለዱ መጠን ሲሆን ግን ብዜቱ ይመለሳል። የ7 ከመቶ ወለድ ገንዘብ e⁰·⁰⁷ᵗ ሆኖ ያድጋል፤ ፍጥነቱም ካለው ገንዘብ 0.07 እጥፍ ነው። በነገራችን ላይ በዚህ ወለድ 1000 ብር በዓመት አንዴ ሲታሰብ 1070፣ በየወሩ ሲታሰብ 1072.29፣ በየቅጽበቱ ሲታሰብ 1072.51 ብር ነው። ከየወሩ ወደ የቅጽበቱ ለመሸጋገር የሚከፈለው 22 ሳንቲም ነው፤ «ወለዱ በየዕለቱ ይደመራል» የሚል ማስታወቂያ ያን ያህል ሊያስደንቅ አይገባም።

የባክቴሪያዎቹ 0.693ም አሁን ቦታውን ያገኛል። 2ˣ ማለት e⁰·⁶⁹³ˣ ነው፤ e ወደ 2 ለመድረስ የሚፈልገው ጊዜ 0.693 ስለሆነ ነው። ይህ ብዜት የቁጥሩ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም የሚባለው ነው። የ3 ሎጋሪዝም 1.0986፣ የ10 ሎጋሪዝም 2.3026 የሚባሉት እነዚያ ከላይ በሙከራ ያገኘናቸው ማረፊያዎች ናቸው።

ቁጥሩን e ብሎ መጻፍ የጀመረው ሌላው የባዝል ልጅ ሊዮንሃርድ ኦይለር ነው። በርኑሊ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1707 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ ሒሳብንም የተማረው ከበርኑሊ ታናሽ ወንድም ከዮሐንስ ነው። በ1748 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የ eን ዋጋ እስከ 23 የነጥብ ቤቶች አስቀመጠ። ይህን ያህል ቤት በወለዱ ቀመር ለማግኘት የሚሞክር ሰው ዕድሜው አይበቃውም። ዓመቱን በሰዓት ከፍለን 8760 ጊዜ ወለድ ብናስብ እንኳ የምናገኘው 2.71813 ነው፤ ትክክል የሆኑት ሦስት የነጥብ ቤቶች ብቻ ናቸው። የሂሳቦቹ ድምር ግን በአሥር ሂሳቦች 2.7182815 ይደርሳል፤ ስድስት ቤቶች ትክክል ናቸው።

ዛሬ ኮምፒውተር ያለው ሰው ግድ የለም፣ nን በጣም ትልቅ አድርጌ ኮምፒውተሩን አሠራዋለሁ ይል ይሆናል። በፓይተን እንዲህ ይሞከር፦

```python
n = 10**15
print((1 + 1/n)**n)
```

የሚወጣው 2.718 ሳይሆን 3.035035206549262 ነው። 10¹⁶ ቢሆን ደግሞ 1.0 ይወጣል። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ ኮምፒውተሩ ቁጥሮችን የሚይዘው ወደ 16 በሚጠጉ አኃዞች ብቻ ስለሆነ፣ 1 ላይ እጅግ ትንሽ ነገር ሲደመር የሚቻለው ቅርብ ቁጥር ላይ ያጠጋጋዋል። በ10¹⁵ ላይ ትንሿ ወለድ በ11 ከመቶ ገደማ ከፍ ብላ ትጠጋጋለች፤ ያች ስሕተት አንድ ኳድሪሊዮን ጊዜ ስትባዛ መልሱን ከ3 በላይ ታወጣዋለች፤ በርኑሊ ሊታለፍ አይችልም ካለው ድንበር ማዶ መሆኑ ነው። በ10¹⁶ ላይ ወለዷ ጨርሳ ትጠፋለች፤ 1 ስንት ጊዜም በራሱ ቢባዛ 1 ነው። ያንኑ ኮምፒውተር 1 + 1 + 1/2 + 1/6 እያለ እንዲደምር ቢያዙት ግን በ18 ቁጥሮች ብቻ 2.71828182845904… ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚደመረው እጅግ ከማነሱ የተነሳ መልሱን አይነካውም።